ርዕሰ መምህሩ ሊፈርሙበት የሚችሉት ደብዳቤ፦ የሰላት ቦታና የረመዳን ጾም በትምህርት ቤት

ጥያቄ፦ «ሴት ልጄ 7ኛ፣ ወንድሟ 10ኛ ክፍል ናቸው። ዙህር የሚገባባቸው ትምህርት ቤት እያሉ ነው። እስካሁን ደረጃ ሥር ተደብቀው ነበር የሚሰግዱት። ባለፈው ሳምንት ግን ጥበቃው አስነሣቸው። ረመዳንም ሁለት ወር ቀረው። እኔና ሌሎች ጥቂት ወላጆች ለርዕሰ መምህሩ ልንጽፍ አስበናል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ‹ይሄ ትምህርት ቤት እንጂ መስጊድ አይደለም› እንዳይሉን ፈራሁ። ምን ብለን እንጠይቅ? እምቢ ቢሉስ?»

መልስ፦

እህቴ፣ «መስጊድ አይደለም» የሚለው መልስ የሚመጣው ደብዳቤው ርዕሰ መምህሩን ስለ ሃይማኖት እንዲወስኑ ሲጠይቃቸው ነው። እሳቸው ግን ስለ ሃይማኖት መወሰን አይችሉም፤ አይፈልጉምም። ሊወስኑ የሚችሉት ስለ ክፍል፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ ቁልፍና ስለ ጠባቂ ነው። እርስዎም የሚጠይቁት እነዚህን ይሁን።

ይህን የምለው ከራሴ ልምድ ነው። 11 ዓመት ምክትል ርዕሰ መምህር ነበርኩ። አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቶችንና ወላጆችን በእንዲህ ያለ ጉዳይ አማክራለሁ። ደብዳቤዎቹ መጀመሪያ የሚያርፉት እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንዳንዶቹ ስለ እምነት ነፃነት ሁለት ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ። እውነት ነው የሚሉት፤ ልብም ይነካሉ። ግን አንብቤ ስጨርስ ማድረግ ያለብኝ ነገር አይገባኝም ነበር። ስንት ልጆች ናቸው? ስንት ሰዓት ላይ? ለስንት ደቂቃ? ማን አብሯቸው ይሆናል? መልስ የሌለው ደብዳቤ «እንወያይበታለን» ተብሎ ፋይል ውስጥ ይገባል። እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት አንድ ምሽት የቤት ሥራ አለብዎት። የዓመቱን የሰላት ሰዓት ሰሌዳ ያውጡ። የትምህርት ቤቱን የደወል ሰዓት ከጎኑ ያስቀምጡ። ከዚያ ወር በወር ያስተያዩአቸው።

ዙህር የሚገባው ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ነው። የአስር ሰላት እስኪገባ ድረስ ይቆያል። ከምድር ወገብ አጠገብ ባሉ አገሮች ይህ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይንቀሳቀስም። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ በራቁ አገሮች ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ይለውጣሉ።

አንድ ምሳሌ እንይ። ቀኑ አጭር ከሚሆንበት አገር ነው የወሰድኩት፤ የናንተን ሰሌዳ ስታዩ ቁጥሩን ትቀይራላችሁ። የምሳ ዕረፍት ከ6:30 እስከ 7:20 ነው እንበል። ትምህርት የሚያልቀው 9:30 ነው። ቀኑ አጭር በሆነበት ወቅት ዙህር 6:15 ላይ ይገባል፤ አስር ደግሞ 8:20 ገደማ። ስለዚህ ልጁ ዙህርን በወቅቱ ለመስገድ ያለው ዕድል የምሳ ዕረፍቱ ብቻ ነው። ቤት እስኪደርስ አይጠብቀውም። ቀኑ ሲረዝምና ሰዓቱ ሲለወጥ ግን ዙህር 7:10 ላይ፣ የምሳው ማብቂያ ደወል ሊደወል 10 ደቂቃ ሲቀረው ይገባል፤ አስር ከ10:30 በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ቤታቸው ቅርብ የሆኑ ልጆች ከትምህርት በኋላ ተረጋግተው ይሰግዳሉ።

ይህን ስታዩ ጥያቄው ያንሳል። «ዓመቱን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ቋሚ ክፍል» የነበረው «ለእነዚህ አምስት ወራት፣ በምሳ ዕረፍት፣ 15 ደቂቃ» ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ከክፍለ ጊዜ አንዲት ደቂቃ አንወስድም» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ለርዕሰ መምህር ከዚህ የሚበልጥ ዓረፍተ ነገር የለም። የጁምዓ ሰላት ለብቻው የሚታይ ነው፤ ኹጥባውን ጨምሮ ረዘም ይላል፣ ሰዓቱም የተወሰነ ነው። አንድ ደብዳቤ ላይ አታደባልቁት። የዙህሩ ነገር ከተረጋጋ በኋላ ይምጣ።

15 ደቂቃ ያልኩት አስልቼ ነው። አራት ረከዓ ለመስገድ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይበቃል። ውዱእ 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው። የቀረው ጫማ ለማውለቅ፣ መስገጃ ለማንጠፍና ለመመለስ ነው። ምሳ ለመብላትም ጊዜ ይተርፋቸዋል። ይህንንም ጻፉት፤ መምህራን «ልጆቹ ሳይበሉ ይቀራሉ» ብለው ይሰጋሉ።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። አንድ መስገጃ 70 በ110 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ መንቀሳቀሻ ሲጨመርበት ለአንድ ልጅ አንድ ካሬ ሜትር ይበቃል። 14 ልጆች ከሆኑ አንድ መደበኛ ክፍል ውስጥ ወንበሮቹን ወደ አንድ ጎን መግፋት ብቻ ነው። አዲስ ክፍል አያስፈልግም። በምሳ ሰዓት ባዶ የሚሆን ክፍል ይበቃል። ቂብላውን በኮምፓስ ወይም ስልክ ላይ ባለ አፕ አንድ ጊዜ አውቆ፣ ወለሉ ጠርዝ ላይ ትንሽ ፕላስተር መለጠፍ ነው።

ክፍል ስትመርጡ ግን አደራ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሰጠን አትበሉ። «ጥግ ላይ ያለች ማንም የማይገባባት ክፍል» ለወላጅ ጥሩ ትመስላለች፤ ለርዕሰ መምህር ግን ራስ ምታት ናት። ልጆች ብቻቸውን፣ በሩ ተዘግቶ፣ አዋቂ በማያያቸው ቦታ መሆናቸው የትኛውንም ትምህርት ቤት ያስጨንቃል። ከመምህራን ክፍል አጠገብ ያለ፣ በሩ ላይ መስታወት ያለው፣ ሲሰግዱም በሩ ገርበብ የሚል ክፍል ይምረጡ። አዋቂው አብሮ መስገድ የለበትም። ኮሪደሩ ላይ የዕረፍት ተረኛ የሆነው መምህር በዚያ በኩል ማለፉ በቂ ነው። የተረኞቹን ሰሌዳ ለማየት ፈቃድ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ እዚያ ኮሪደር ላይ ቀድሞውኑ የተመደበ ሰው አለ፤ ተጨማሪ ሰው መጠየቅ አያስፈልጋችሁም።

ክፍሉንም «የሙስሊም ተማሪዎች መስገጃ» ብላችሁ አትጥሩት። «የጽሞና ክፍል» በሉት፤ ከልባችሁም እንደዚያው ይሁን። የሌላ እምነት ተከታይ ልጅ ሊጸልይበት፣ ጫጫታ የሚረብሸው ልጅ ሊያርፍበት ይችላል። ሰዓቱን መከፋፈል ቀላል ነው። ርዕሰ መምህሩም «ለአንዱ ሰጥቼ ለሌላው ነሣሁ» የሚል ስጋት አይኖርባቸውም።

እንዲህ ያለ ዝግጅት ሲበላሽ ያየሁት በሰላቱ አልነበረም። በውሃ ነው። ልጆቹ ውዱእ ለማድረግ እግራቸውን መታጠቢያው ገንዳ ላይ ያነሣሉ። ገንዳው ለእጅ እንጂ ለእግር አልተሠራም። ወለሉ ይረጥባል፣ ሌላ ልጅ ያዳልጠዋል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ታማርራለች። በሦስተኛው ሳምንት «ክፍሉ ይዘጋ» የሚል ድምፅ ይነሣል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ውዱእ አድርገው መጠበቅ የሚችሉ ይጠብቁ። ሌሎቹ ትንሽ ጆግ ወይም የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ሽንት ቤቱ ውስጥ ፍሳሽ ባለበት ቦታ እግራቸውን ይታጠቡ። የወለል መጥረጊያና አንድ ፎጣ እዚያው ይቀመጥ። ከሰገዱ በኋላ አንድ ተረኛ ልጅ ይጥረገው። በካልሲ ላይ ማበስ ስለሚቻልበት ሁኔታ ዑለማዎች የሚሉት አለ፤ እሱን የምታምኗቸውን ኡስታዝ ጠይቁ። የኔ ድርሻ ወለሉ ደረቅ እንዲሆን ነው።

ሴቶችና ወንዶች እንዴት ይሁኑ የሚለውን ወላጆች ቀድማችሁ ጨርሱት። ርዕሰ መምህሩ ፊት ተቀምጣችሁ አትከራከሩበት። መጋረጃ ማስገጠምም አትጠይቁ። ወንዶቹ ፊት፣ ሴቶቹ ኋላ ተሰልፈው ቢሰግዱ፣ ወይም ተራ በተራ ቢገቡ ክፍሉ ላይ ምንም ለውጥ አያስፈልግም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ርዕሰ መምህራን የሚፈሩት ግን አፍ አውጥተው የማይናገሩት ነገር ነው። ልጆች ልጆችን መጫናቸው። «አንተ ለምን አትሰግድም?» «አንቺ ሙስሊም አይደለሽም እንዴ?» መባባል። ለንደን ውስጥ በመጋቢት 2023 በአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግቢው ውስጥ፣ ኮታቸውን መሬት ላይ አንጥፈው መስገድ ጀመሩ። ትምህርት ቤቱ በግቢው ውስጥ የሚደረግ ሥርዓታዊ ጸሎትን ከለከለ። አንዲት ተማሪ ከሰሰች። በሚያዝያ 2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። ትምህርት ቤቱ ካነሣቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የተማሪ በተማሪ ላይ ጫና ነበር። በጀርመን ደግሞ የፌዴራሉ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ2011 የአንድ የበርሊን ተማሪን ጉዳይ አይቷል። ተማሪ ከክፍለ ጊዜ ውጭ መስገድ በመርህ ደረጃ መብቱ ነው አለ። ግን የትምህርት ቤቱን ሰላም የሚያደፈርስ ከሆነ ሊገደብ ይችላል ብሎ፣ በዚያ ትምህርት ቤት ግጭት ስለነበረ ተማሪው ተረታ።

ሁለቱን ጉዳዮች ያነሣሁት ላስፈራራችሁ አይደለም። ስለ ሰላም የሚነሣውን ጥያቄ እናንተ ቀድማችሁ እንድትመልሱ ነው። ደብዳቤው ላይ ሦስት መስመር ይበቃል። መምጣት በፈቃድ ነው። ያልመጣን ማንም አይጠይቅም። ከውጭ የሚመጣ ሰባኪም ሆነ የሚታደል ወረቀት የለም። ከዚያ ቤታችሁ ልጆቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ይህንኑ ንገሯቸው። በተለይ የ10ኛ ክፍሉ ልጅዎ ይስማ፤ ትልልቆቹ የሚሉት ነገር ለትንንሾቹ ትእዛዝ ነው።

ሕጉን ግን የደብዳቤው መግቢያ አታድርጉት። የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 14 የልጅን የሃይማኖት ነፃነት ያውቃል። ወላጅ ልጁን እንደ ዕድገቱ የመምራት መብትና ግዴታ እንዳለውም ይናገራል። ያው አንቀጽ ግን ለደኅንነት፣ ለሥርዓትና ለሌሎች መብት ሲባል በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይላል። ስለ ክፍልና ስለ ቁልፍ የሚለው ነገር የለም። አንቀጽ ጠቅሶ የሚጀምር ደብዳቤ ቀጥታ ወደ ሕግ ክፍል ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ሕጉን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት።

ወደ ረመዳን ልሂድ፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

አንድ ቀን በረመዳን ከቢሮዬ መስኮት የስፖርት ሜዳው ይታየኝ ነበር። ልጆች ዙር እየሮጡ ነው። አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ተቀመጠ። ወርጄ ስደርስ የስፖርት መምህሩ ከፊቱ ተንበርክኳል። በእጁ የውሃ ጠርሙስ ይዟል። ክዳኑን ከፍቶታል። ግን አልሰጠውም። «ጾመኛ ነው፤ ብሰጠው አባቱ ምን ይሉኛል?» አለኝ። አባትየው ጋ ደወልን፤ ስልኩ አይነሣም። የልጁ ከንፈር ነጥቷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። እኔ ስጠው አልኩ፤ ጠጣ፣ ጥላ ሥር አስተኛነው፣ ተሻለው። አባትየው ማታ ሲደውሉ ያሉት «እንዴት ይህን ያህል ጠበቃችሁ?» ነው። ልክ ናቸው። ግን ማንም አስቀድሞ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። እነዚያ ደቂቃዎች እስከ ዛሬ ይከብዱኛል።

ስለዚህ ከጾም ጋር በተያያዘ የመጀመሪያው ነገር ጥያቄ ሳይሆን ከእናንተ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ፈቃድ ይሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ገጽ ፎርም ሙሉ። ስሙና ክፍሉ፣ የሚጾመው ሁሉንም ቀን ነው ወይስ አንዳንዱን፣ ያለበት የጤና ችግር፣ የሚነሣ ሁለት ስልክ ቁጥር። ከሥሩ ይህችን ጻፉ፦ «ልጄ ካዞረው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ግራ ከተጋባ ወይም ከወደቀ እኔን ሳትጠብቁ ውሃና ስኳር ያለው ነገር ስጡት። ጾሙን ማፍረሱን ፈቅጃለሁ።» የታመመ ሰው ጾሙን አፍርሶ በሌላ ቀን መክፈል እንደሚችል መምህሩ ላያውቅ ይችላል። ይህች መስመር እጁን ትፈታለታለች።

የስኳር ሕመም ያለበት፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ ካለ ፎርሙ አይበቃም። ረመዳን ሳይገባ ሐኪሙ ይየው። ለአስም የሚነፋ መድኃኒት የሚጠቀም ልጅም ከትምህርት ቤት ቦርሳው ውስጥ እንዳያወጣው። ጾም ይፈታል አይፈታም የሚለው ላይ ዑለማ ይለያያሉ፤ መድኃኒቱ ግን ከልጁ ጋር መሆን አለበት።

ትንሿ ልጅዎ 7ኛ ክፍል ናት። ጾም ግዴታ የሚሆነው ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ነው። በክፍሏ ካሉት ገና ያልደረሱ አሉ፤ ከጓደኛ ላለመቅረት ብለው የሚጾሙም ይኖራሉ። መምህሩ ማን እንደሚጾም ከልጆቹ አፍ ሳይሆን ከወላጅ ፎርም ይወቅ። አለበለዚያ ምሳውን ያልበላ ልጅ ሁሉ «ጾመኛ ነኝ» ይላል፤ ቤቱ ግን አያውቅም።

ከዚያ የሚቀሩት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። በምሳ ሰዓት ልጆቹ መመገቢያ አዳራሽ ከሚቀመጡ ቤተ መጻሕፍት ወይም ያው የጽሞና ክፍል ይግቡ፤ መግባትም ሆነ ከጓደኛ ጋር አዳራሹ ውስጥ መቀመጥ የልጁ ምርጫ ይሁን። ትምህርት ቤቱ ነፃ ምሳ የሚሰጥ ከሆነ ታሽጎ ወደ ቤት ይሰጣቸው እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ወላጅ ይህን መጠየቅ እንደሚቻል አያስብም። ኦርቶዶክስ ጾመኛ ልጆች እስከ ከሰዓት ሳይበሉ የሚቆዩበት ጾም ሲመጣም ይኸው ዝግጅት ያገለግላል። ይህንን ለርዕሰ መምህሩ ብትጠቁሙ ጥሩ ነው።

ከስፖርት ሙሉ በሙሉ ይውጡ አትበሉ። ብዙዎቹ መውጣት አይፈልጉም፤ መምህሩም ውጤት መሙላት አለበት። ረጅም ሩጫና የሚመዘን የአካል ብቃት ፈተና ከረመዳን በፊት ወይም በኋላ ይሁን በሉ። በወሩ ውስጥ ልጁ ኳስ አያያዝ ይለማመድ፣ ዳኛ ይሁን፣ ነጥብ ይመዝግብ። ክፍለ ጊዜው ወደ ጠዋት ቢመጣ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ሱሁር የበላ ልጅ ጠዋት ጉልበት አለው።

ፈተናን በተመለከተ አንድ ነገር ለዩ። ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚያወጣውን ፈተና ርዕሰ መምህሩ ወደ ጠዋት ሊያመጡት ይችላሉ። ከበላይ አካል የሚመጣውን ፈተና ግን ሊነኩት አይችሉም። የማይችሉትን ከጠየቃችሁ የሚችሉትም አብሮ ይወድቃል። ለእሱ የምትጠይቁት ከፀሐይ የራቀ፣ ነፋሻ መቀመጫ ብቻ ይሁን።

ስለ እንቅልፍ ግን እኛ ወላጆች እውነቱን እንናገር። በረመዳን ክፍል ውስጥ ልጅን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ረሃብ አይደለም፤ እንቅልፍ ማጣት ነው። ተራዊሕ አለ፣ ከዚያ ስልክ አለ፣ ከዚያ ሱሁር። አራት ሰዓት የተኛ ልጅ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል። መምህሩ «ጾሙ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ደብዳቤያችሁ ላይ «የእንቅልፍ ሰዓታቸውን እኛ እንቆጣጠራለን» ብላችሁ ጻፉ፤ ተቆጣጠሩም። ስጦታ ብቻ የማይጠይቅ፣ የራሱን ድርሻ የሚወስድ ወላጅ ሲያዩ ርዕሰ መምህራን ልባቸው ይከፈታል።

አሁን ደብዳቤው። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር። ጉዳዩ፦ በምሳ ዕረፍት የጽሞና ክፍል እና በረመዳን ወር ለሚጾሙ ተማሪዎች ዝግጅት ስለመጠየቅ። እኛ ስማችን ከታች የተዘረዘረው 9 ቤተሰቦች በትምህርት ቤቱ የሚማሩ 14 ልጆች አሉን። ልጆቹ እስካሁን ደረጃ ሥር ይሰግዱ ነበር። ቦታው መውጫ መንገድ ስለሆነ ተገቢ እንዳልሆነ እንረዳለን። ከምሳ ዕረፍት ውስጥ ከ6:45 እስከ 7:00፣ አባሪው ሰሌዳ ላይ ለተመለከቱት አምስት ወራት፣ ከመምህራን ክፍል አጠገብ ያለው ክፍል እንዲፈቀድልን እንጠይቃለን። ከክፍለ ጊዜ የሚወሰድ ሰዓት የለም። መምጣት በፈቃደኝነት ነው፤ ያልመጣን የሚጠይቅ አይኖርም፤ ከውጭ የሚገባ ሰው የለም። ክፍሉ ሌሎች ተማሪዎችንም ያገልግል። መስገጃ፣ ማስቀመጫ ሣጥንና የወለል መጥረጊያ እኛ እናመጣለን። ለረመዳን የእያንዳንዱን ልጅ የወላጅ ፈቃድ ፎርም አያይዘናል። ይህ ለስድስት ሳምንት ለሙከራ እንዲሆንና ከዚያ አብረን እንድንገመግመው እንጠይቃለን።»

ደረጃውን ሆን ብዬ ነው የጠቀስኩት። ጥበቃው ያስነሣቸው ምናልባት መተላለፊያ ስለዘጉ ነው። ይህንን እንደ በደል ሳይሆን እንደ ምክንያት አንሡት፤ ልጆቹ አሁንም ይሰግዳሉ፣ ያለው ምርጫ መተላለፊያ ላይ ወይም ክፍል ውስጥ ነው።

«ለሙከራ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ለዘላለም «እሺ» ማለት ያስፈራል። ለስድስት ሳምንት «እሺ» ማለት አያስፈራም። ደብዳቤውን ለጸሐፊዋ ሰጥታችሁ አትሂዱ። ቀጠሮ ያዙ፤ ሁለት ሰው ብቻ ግቡ። ዘጠኙም ቤተሰብ አንድ ላይ ቢገባ ሰልፍ ይመስላል። ሁለት ወር አላችሁ፤ በዚህ ሳምንት ቢገባ የስፖርትና የፈተና ሰሌዳው ከመታተሙ በፊት ይደርሳል። ከታተመ በኋላ ማንም አያነሣውም። ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ቀደም ብሎ እንደሚመጣም ንገሯቸው፤ የዘንድሮው ሰሌዳ ለከርሞ እንዳለ አይገለበጥም። ዒድ ጨረቃ ሲታይ ስለሚታወቅ ሁለት ቀን ጽፋችሁ «ከሁለቱ አንዱ» በሉ።

እምቢ ካሉ እዚያው አትሟገቱ። «ምክንያቱን በጽሑፍ ቢሰጡን» በሉ፤ በትሕትና። የጽሑፍ ምክንያት ሁለት ነገር ያደርጋል። ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን ችግር ያወጣዋል። «ክፍል የለም» ከሆነ ሌላ ክፍል ታመጣላችሁ፤ «ጠባቂ የለም» ከሆነ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ትጠይቃላችሁ። ምክንያቱ «ደንቡ አይፈቅድም» ከሆነ ደንቡን አሳዩን በሉ። የአንዳንድ አገር የመንግሥት ትምህርት ቤት ደንብ በእርግጥ ያግዳል። እዚያ ርዕሰ መምህሩን መጫን ሰውየውን ማስጨነቅ ብቻ ነው። የሰላቱን መንገድ ዑለማን ትጠይቃላችሁ፤ የጾሙን ክፍል ግን ለይታችሁ እንደገና አቅርቡት። የጾሙ ዝግጅት ክፍል አይፈልግም፤ የጤና ጉዳይ ስለሆነ ርዕሰ መምህሩ እሺ ለማለት ይቀላቸዋል። ምንም ምክንያት ሳይሰጡ ዝም ካሉ ወደ ወላጅ ኮሚቴ፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መሄድ ይቻላል። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ሕግ የሚወጣው ያኔ ነው።

እሺ ካሉ ደግሞ በሩ ላይ አንድ ወረቀት ስቀሉ። ስም የለውም። ተረኛው ልጅ ቀኑን፣ የገቡትን ልጆች ቁጥርና ወለሉ መጠረጉን ይጻፍበት። በስድስተኛው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ ጋ ይዛችሁ የምትገቡት እሱን ነው። 14፣ 13፣ 14፣ 11 የሚል ወረቀት ያያሉ፤ ክፍሉ እየዋለ ነው፣ ቅሬታ የለም። ቁጥሩ ወደ 3 ከወረደ ልጆቹን ጠይቁ። ከዚህ ቀደም ያየሁት ምክንያት ወይ የምሳው ሰልፍ ረዝሞባቸው ነው፣ ወይ አንድ ትልቅ ልጅ እየተጫናቸው ነው። የመጀመሪያውን ሰዓቱን በ10 ደቂቃ በመግፋት ትፈቱታላችሁ። ሁለተኛውን ግን እርስዎ ራስዎ፣ ያን ልጅ ቤትዎ ጠርተው ያነጋግሩት።